ዝናቡስ ዘነበ ወይ? የአህያዋ ተረት ትምህርቱን እንዴት እንደሚሸከም

የአህያዋን ተረት ለልጆች ነግሬ ስጨርስ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የሚመጡት ሦስት መልሶች ናቸው። አንዱ «ትንሽ ጥፋትም ጥፋት ነው» ይላል። ሌላዋ «ዝም ብትል ኖሮ አትበላም ነበር፤ ሁሉን ነገር መናገር ጥሩ አይደለም» ትላለች። ሦስተኛው «ጉልበተኛ ሲያጠፋ ጥፋት አይባልም፤ ደካማ ሲያጠፋ ግን ይባላል» ይላል።

ሦስቱም ለጆሮ ደህና ናቸው። ሦስቱንም ትልልቅ ሰዎች ሲናገሯቸው ሰምቻለሁ። «ተረት እንደ ሰሚው ነው» ብሎ ሁሉንም ማመስገን ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም የሚደረገው ይሄው ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ተረት የተሠራ ነገር ነው። እንደ ቤት ማገር፣ ወጋግራና ምሰሶ አለው፤ የቱ ምሰሶ ጣሪያውን እንደተሸከመ ደግሞ ነቅነቅ አድርጎ ማወቅ ይቻላል። ይህ ጽሑፍ ያንን መነቅነቅ በአንድ ተረት ላይ፣ ቀጥሎም በአንድ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች ላይ ያሳያል።

መጀመሪያ ተረቱ። ከቦታ ቦታ ጥቂት ይለያያል፤ እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው።

«ተረት ተረት።»

«የመሠረት።»

ከዕለታት አንድ ቀን ዝናብ ጠፋ። ወንዙ ደረቀ፣ ሣሩ አረረ። አያ አንበሶ፣ አያ ነብሮ፣ አያ ጅቦና እመት አህያ ተሰበሰቡና መከሩ። «ፈጣሪ እንዲህ የተቆጣን ከመካከላችን አንዳችን ኃጢአት ብንሠራ ነው። ሁላችንም የሠራነውን እንናዘዝ። ኃጢአተኛው ተለይቶ ንስሐ ሲገባ ዝናቡ ይመለሳል» ተባባሉ።

አያ አንበሶ ጀመረ። «እኔ አንድ ቀን መንደር አጠገብ የተሰማራ በሬ አገኘሁና ሰብሬ በላሁት» አለ። ሁሉም ቀና ብለው አዩትና «ኧረ ይሄማ ምን ኃጢአት አለው! ኃጢአት አይደለም» አሉ።

አያ ነብሮ ቀጠለ። «እኔ ከመንጋው ተነጥላ ገደል ለገደል የምትሄድ ፍየል አግኝቼ በልቻለሁ» አለ። «ይሄም ኃጢአት አይደለም» አሉ።

አያ ጅቦም «እኔ ሌሊት መንደር ገብቼ አንዲት ዶሮ ሰርቄያለሁ» አለ። «ዶሮ ደግሞ ምኗ ይወራል! ኃጢአት አይደለም» አሉ።

ተራው የእመት አህያ ሆነ። «እኔ እንኳ አንድ ቀን ጌታዬ ጭኖ ሲነዳኝ መንገድ ላይ ወዳጁን አገኘ። ቆመው ሲጨዋወቱ ከመንገዱ ዳር ካለው ሣር ጥቂት ነጨሁ» አለች።

ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። «ይሄ ነው እንጂ ኃጢአት! ለካ ዝናቡን ያስቀረሽብን አንቺ ነሽ!» አሉና ዘለው ያዟት፤ በሏትም።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።»

ተራኪው እዚህ ላይ ይጨርሳል። «ስለዚህ ልጆች…» ብሎ አይቀጥልም። ትምህርቱ ካለ ከዚህ በላይ ባለው ውስጥ መገኘት አለበት።

የሚደገመውን መቁጠር

ቃል በቃል የሚደጋገም ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን ማየት ነው። በቃል የሚነገር ተረት ላይ ድግግሞሽ ለማስታወስ ይረዳል፤ ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ተራኪው አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሲደግም ለሰሚው መለኪያ እየሠራለት ነው። ሰሚው አራተኛውን በዚያ ይለካዋል።

እዚህ የሚደገመው «ኃጢአት አይደለም» የሚለው ፍርድ ነው። ሦስት ጊዜ ይመጣል። በሦስቱ መካከል የሚለወጠውን እንይ። የተበላው ከበሬ ወደ ፍየል፣ ከፍየል ወደ ዶሮ እያነሰ ይወርዳል። ገበሬ ለሆነ ሰሚ ይህ አወራረድ በሥጋ ብዛት ብቻ የሚታይ አይደለም። በሬ የሞተበት ሰው የሚያርስበት ጥማድ ፈርሷል፤ ከጎረቤት ካልተቀናጀ የዘንድሮው እርሻ ጾሙን ሊያድር ነው። ፍየል የሞተችበት ሰው ያዝናል። ዶሮ የተወሰደችበት ደግሞ ጅቡን ረግሞ ያልፋል። ከዶሮ ቀጥሎ የመንገድ ዳር ሣር ይመጣል፤ ለዚያ ማንም ባለቤት ነኝ ብሎ አይነሣም።

ተናዛዡም እንዲሁ ይወርዳል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብ፣ አህያ። ጉዳቱና ጉልበቱ ጎን ለጎን እየተያያዙ ነው የሚወርዱት። በሬ ሲበላ ኃጢአት ካልሆነ፣ ፍየል ሲበላ ካልሆነ፣ ዶሮ ሲሰረቅም ካልሆነ፣ ሣር መንጨትማ ከቶ ሊሆን አይችልም። ሰሚው ይህን ስሌት ማንም ሳይነግረው በጆሮው ሠርቶታል። ፍርዱ አራተኛው ላይ ሲገለበጥ የሚደነግጠውም የሚስቀውም ለዚህ ነው። ደንቡን የሠራው እሱ ራሱ በውስጡ ስለሆነ፣ ደንቡ ሲጣስ የሚጣሰው የእሱ ነው።

የትምህርቱ ዋና ምሰሶ ይህ ነው ማለት እችላለሁ። ተረቱ ስለ ጉልበትና ስለ ፍርድ አንድም ዐረፍተ ነገር አይናገርም፤ ጉዳቱ እየቀነሰ ቅጣቱ ሲጨምር እያሳየ፣ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ለሰሚው ይተወዋል። ሰሚው ቢፈልግ ከተናዛዡ ማንነት ሌላ የተለወጠ ነገር አያገኝም።

አንዱን ነቅሎ ማየት

አሁን ወደ ሦስቱ መልሶች እንመለስ። አንድ መልስ የተረቱ ይሁን አይሁን ለመፈተን የምጠቀምበት መንገድ ቀላል ነው። ከተረቱ አንድ ነገር እለውጥና መልሱ ቆሞ ይቀር እንደሆነ፣ ይወድቅ እንደሆነ አያለሁ።

«ትንሽ ጥፋትም ጥፋት ነው» የሚለውን እንፈትን። ለዚህ ትምህርት አንበሳ፣ ነብርና ጅብ ምን ያስፈልጋሉ? አህያዋ ብቻዋን ሣር ነጭታ፣ ብቻዋን ተቀጥታ ተረቱ ሊያልቅ ይችል ነበር። ሦስቱን ኑዛዜዎች ብንቆርጣቸው ይህ ትምህርት ምንም አይጎድልበትም፤ እንዲያውም ይጠራል። ተረቱ ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ጊዜውን ያጠፋው በእነዚያ ሦስት ኑዛዜዎች ላይ ነው። የተረቱን ትልቁን ክፍል ሥራ ፈት የሚያደርግ ንባብ ከተረቱ የወጣ አይደለም፤ ሰውየው ቀድሞ የሚያውቀውን ምክር ተረቱ ላይ ሰቅሎታል። ይህ ስሕተት እጅግ የተለመደ ነው፤ በተለይ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መልሱ «መልካም» መምሰል ስላለበት። ደግሞስ በዚህ ንባብ ፈራጁ ማን ነው? በሬ የበሉት። አንድ ንባብ በላተኞቹን ትክክለኛ ዳኞች ካደረጋቸው ጆሯችንን ይዘን ተረቱን እንደገና መስማት አለብን።

«ዝም ብትል ኖሮ» የሚለው ጠንከር ያለ ነው፤ ቆይቶ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛውን እንፈትን። ተራውን እንገልብጠው፦ አህያዋ መጀመሪያ ትናዘዝና ትበላ፣ ከዚያ አንበሳው ስለ በሬው ይናገር፣ «ኃጢአት አይደለም» ይባል። ነገሩ ያው ነው፤ ግፉም ያው ነው። ግን ተረቱ ተበላሸ። ሰሚው ገና መለኪያ ስላልያዘ፣ አህያዋ ስትበላ ምናልባት ሕጉ ጥብቅ ይሆናል ብሎ ያስባል። ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ይህ ትምህርት ይደክማል፤ ማለት ትምህርቱ በቅደም ተከተሉ ላይ ተደግፏል። ሌላም እንለውጥ፦ አራተኛዋ አህያ መሆኗ ቀርቶ ዝሆን ይሁን። ዝሆኑ ሣር ነጨሁ ቢል «ኃጢአት ነው!» የሚለው አይኖርም፤ ተረቱም አያልቅም። ተረቱ ያለ ደካማ አይሠራም። በነካነው ቁጥር የሚነቃነቀው ይህኛው ትምህርት ነው፤ ቤቱን የተሸከመው እሱ ስለሆነ።

ሰሚው ይዞት የሚመጣው

ተረቱ ያላብራራቸው፣ ሰሚው ግን የሚያውቃቸው ነገሮች አሉ። እነሱን የማያውቅ ሰው አጽሙን ያገኛል፤ ጨዋታው ግን ያመልጠዋል። በውጭ አገር ተወልደው ላደጉ ልጆች ስነግር ይህን በደንብ አያለሁ።

አንዱ የአህያ ቦታ ነው። በደጋው አገር አህያ ዳውላውን ትሸከማለች፣ እንጨቱንና ውኃውን ታጓጉዛለች፤ አትከበርም። ጅብ ደግሞ አህያ ወዳድ መሆኑን ሕፃን ያውቃል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚባለው ወንዱ አህያም ቢሆን የጅብ እራት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ተራኪው «አያ ጅቦና እመት አህያ ተሰበሰቡ» ሲል ያገሬው ልጅ ገና ከመጀመሪያው ዓይኑን ያፈጣል። የከተማው ልጅ አራት እንስሳት ተሰበሰቡ ብሎ ያልፋል።

ሁለተኛው ኑዛዜው ነው። ዝናብ ሲጠፋ ምሕላ መያዝ፣ «በኃጢአታችን ነው» ብሎ እግዚኦ ማለት ከአገሩ ልማድ ነው። ተረቱ እንስሳቱን ያስቀመጣቸው ሰሚው ራሱ በቆመበት ዓይነት ስፍራ ላይ ነው። ንስሐ ላይ የተናገርከው ይቅር እንዲባልልህ ነው፤ እዚህ ግን በመሐል ነገሩ ሳይነገር ወደ ችሎት ተለውጦ፣ የተናዘዝሽው ማስረጃ ሆኖብሻል። አህያዋ የተታለለችው እዚህ ላይ ነው። ኑዛዜ ላይ ያለች መስሏታል። ጉባኤውን ቀይረን «ተራ ጨዋታ ላይ ሳሉ» ብንለው፣ ይህ መራራ ነገር ይጠፋል።

ሦስተኛው ትንሽ ነገር ነው፤ ግን እወደዋለሁ። የአህያዋ ጌታ ወዳጁን አግኝቶ ቆመ። የእኛን አገር ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃል። አንተ ደህና፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ አዝመራው እንዴት ነው፣ እንደገና አንተስ ደህና። ጭነት ጀርባዋ ላይ ተጭኖ፣ ሣር አፍንጫዋ ሥር ሆኖ፣ እስኪሰነባበቱ የቆመች አህያ «ጥቂት ነጨሁ» ማለቷ ስንት እንደታገሠች ነው የሚናገረው። ተራኪው አይራራላትም፤ በአንድ ሐረግ ግን ጥፋቷን ከምንም በታች አድርጎታል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነገር አለ። በሰማሁት አነጋገር አንበሳው ሲናዘዝ «ኃጢአት አይደለም» ያሉት «ሁሉም» ናቸው። አህያዋም ከሁሉም አንዷ ናት። እንግዲያው ሦስቱን ነፃ ካወጡት ድምፆች አንዱ የእሷ ነበር። ይህን ያስተዋለ ሰው «ለጉልበተኛ ያጨበጨበ፣ ጭብጨባው አያድነውም» የሚል ትምህርት ሊያወጣ ይችላል። ቆንጆ ንባብ ነው። ግን የተንጠለጠለው በአንዲት ቃል ላይ ነው፤ ሌላ ተራኪ «ነብሩና ጅቡ ኃጢአት አይደለም አሉ» ቢል ያበቃለታል። በቃል የሚተላለፍ ተረት ቃሉ እንደ አፉ ይለዋወጣል፤ የማይለወጠው አጽሙ ነው። ስለዚህ በአጽሙ ላይ የቆመውን ንባብ እንደ ተረቱ፣ በቃል ላይ የተንጠለጠለውን እንደዚያ ተራኪ ብልኃት መቁጠር ይሻላል።

ያልተነገረው

አንድ ጊዜ ተረቱን ጨርሼ፣ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ «ከዚያ ዝናቡ ዘነበ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ ሳቁባት። እኔም መልስ አልነበረኝም፤ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበርና።

ተረቱ አይናገርም። ጉባኤው የተጠራው ለዝናብ ነው፤ ጥፋተኛው ሲገኝ ዝናብ ይመጣል ተብሎ ነው። ጥፋተኛዋ «ተገኘች»፣ ተበላችም፤ ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ ግን የለም። ሌላ ተራኪ ቢሆን «ያም ሆኖ ዝናቡ አልመጣም» ብሎ ሊጨምር ይችላል፤ ቢጨምር ግን ያበላሸዋል። «አልዘነበም» ካለ፣ ዳኞቹ ከልባቸው ፈልገው የተሳሳቱ ይመስላሉ። ዝም ሲል ግን ዝናቡ ድሮም ጉዳያቸው እንዳልነበረ ይገለጣል። ተርበዋል፤ መሐላቸው የሚበላ ነገር ቆሟል፤ የቀረው ምክንያት ማግኘት ብቻ ነበር። መነሻው ላይ በትልቁ የተነገረ ጉዳይ መጨረሻው ላይ ተረስቶ ሲቀር፣ የረሳው ተራኪው ነው ወይስ በተረቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ናቸው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ የረሱት ዳኞቹ ናቸው፤ መርሳታቸውም ፍርዱ ነው።

ይህንኑ ታሪክ የሚመስል ግጥም ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ1678 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። እዚያ ድርቁ ቀርቶ ቸነፈር ነው። አንበሳው በጎች፣ አንዳንዴም እረኛቸውን እንደበላ ይናዘዛል፤ ቀበሮ ተነሥቶ በጎቹን መብላትዎ ለእነሱ ክብር ነው ይለዋል። አህያው ከመነኮሳት መስክ የምላሱን ስፋት ያህል ሣር መንጨቱን ሲናገር ተኩላው ተነሥቶ ይከስሰዋል። መጨረሻ ላይ ገጣሚው ራሱ ይወጣና፣ እንደ ኃያልነትህ ወይም እንደ ምስኪንነትህ የቤተ መንግሥት ፍርድ ነጭ ወይም ጥቁር ያደርግሃል ብሎ ትምህርቱን በቃሉ ይናገራል። አጽሙ አንድ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ግን የእኛን ተረት ጠባይ ያጎላዋል። የፈረንሳዩ አሽቃባጭና ዐቃቤ ሕግ አለው፤ የእኛው የለውም። የእኛዎቹ ሦስቱ «ተያዩ»፤ በቃ። መተያየታቸው ክርክሩንም ምስክሩንም ተክቷል።

ዝም ብትልስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ። «ዝም ማለት ነበረባት» የሚለው ከተረቱ ይወጣል ወይ? በፈተናው ብናስገባው በከፊል ያልፋል። አህያዋ የተያዘችው በገዛ አፏ ነው፤ ያ እውነት ነው። ግን «እኔ ምንም አልሠራሁም» ብትል ኖሮ ብለን እንለውጠው። የተራቡ ሦስት አውሬዎች፣ በሬውን ኃጢአት አይደለም ያሉ፣ «እንዴት? ከሁላችን ተለይተሽ ጻድቅ ነኝ ልትዪ ነው? ትዕቢት!» ብለው የሚበሏት ይመስለኛል። ተረቱ ዝምታ ያድን እንደነበር የሚያሳይ አንዳች ነገር የለውም፤ ዝም ብሎ የዳነ እንስሳ አላሳየንም።

ግን ይህን መልስ የሚሰጡት ልጆች ሞኞች አይደሉም። ተረቱን ማን ለማን ሲነግረው ነው የሚለው ጥያቄ እዚህ ይመጣል። ሽማግሌ ለዳኛ ወይም ለሹም ቢነግረው ክስ ነው፤ «እንዲህ እንዳትሆን» ወይም «እንዲህ ሆነሃል» ነው። እናት ከተማ ለሥራ ለምትልካት ልጇ ብትነግራት ማስጠንቀቂያ ነው፤ «ጉባኤው ማን እንደሆነ ሳታይ አፍሽን አትክፈቺ»። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ላይ ተሠርቷል። ዳኞቹ ግፈኞች መሆናቸውን ያልተረዳ ሰው ማስጠንቀቂያውንም አይረዳውም፤ «እውነት መናገር መጥፎ ነው» ብሎ ይወስደዋል። ይህ ደግሞ ተረቱ ያላለው ነው። ልጅ እንዲህ ሲመልስልኝ «ማን ፊት?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ብዙ ጊዜ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል።

በምሳሌያዊ አነጋገር ላይ ይኸው ችግር ጠንክሮ ይመጣል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብቻ ማየት ይበቃል። በሰዋስው ብናየው «ብላ» የሚል ትእዛዝ የለበትም፤ እንዲህ ይሆናል ብቻ ነው የሚለው። ሹመኛ ለሹመኛ ሲለው ምክር ነው። የተበላበት ገበሬ ሲለው ምሬት ነው። ቃሉ አንድ፣ አፉ ሁለት። ምሳሌያዊ አነጋገርን ሁሉ ምክር አድርጎ የሚያነብ ሰው «አባቶቻችን ብሉ ብለው አስተማሩን» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል።

ተረት በአንድ መስመር

ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙ ጊዜ ሥጋው የተገፈፈ ተረት ነው፤ ንባቡም ያው ነው፤ የጠበበ ስለሆነ ግን እያንዳንዱ ቃል የበለጠ ይሸከማል። የአህያዋን ዳኞች የሚገልጽ አንድ አለ፦ «በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ፣ ድምፁ እንብላው እንብላው ነው።» ከበሮውን በክራር የሚተኩም አሉ። እዚህ ትምህርቱን የሚሸከመው ድምፁ ነው። «እንብላው እንብላው» ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ከበሮ ይመታል። ጅቡ ሞቷል፣ ተገፏል፣ ቆዳው ተወጥሮ የዘፈን ዕቃ ሆኗል፤ ጠባዩ ግን ከምቱ ውስጥ ይሰማል። በሌላ ቃል «ከክፉ የተገኘ ክፉ ነው» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ምቱ ግን ይቀራል። ከምቱም ጋር የሚሄደው ሣቅ ይቀራል።

ሌላው፣ በይበልጥ የምወደው፣ ይሄ ነው፦ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች።» ቶሎ ያነበበው ሰው «ውሸታም» ይላታል። አልዋሸችም። የበቅሎ አባት አህያ፣ እናቷ ደግሞ ባዝራ ናት፤ የእናቷ ወንድም ፈረስ ነው፤ አጎቷ ነው። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ያደረገችው የተጠየቀችውን ትታ ያልተጠየቀችውን መመለስ ነው። «ፈረስ አባቴ ነው አለች» ብለን እንለውጠው፤ ወዲያው ተራ የውሸት ነገር ይሆንና ውበቱ ይሞታል። ስለዚህ ትምህርቱ ስለ ውሸት አይደለም፤ በእውነት ስለሚደበቅ ነገር ነው።

እዚህም ሰሚው ይዞ የሚመጣው አለ። በቅሎ የመኳንንትና የካህናት መቀመጫ ነበረች፤ ኮርቻዋና ልባቧ ያጌጠ። አባቷ ግን ዳውላ ተሸካሚው ነው። አህያ የሚለው ቃል በዚህ ምሳሌ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠራም። እሷም አልጠራችውም፤ ተናጋሪውም አልጠራውም፤ ሰሚው ነው በልቡ «አህያ!» ብሎ የሚሞላው። ልክ ዝናቡን እንደጠየቀችው ልጅ፣ ቀዳዳውን የሚያየው ጆሮው የነቃ ነው። ምሳሌው ለሰው ሲጣልበትም በዚሁ ይሠራል፦ ዘመዱን እየጠራ ለሚኩራራ ሰው ሲባል ማንም አልሰደበውም፤ አህያ የሚለውን ቃል ያሰበው እሱ ራሱ ነው። ቢቆጣ ተጠርቻለሁ ማለቱ ነው።

ያቺ የአምስት ዓመት ልጅ ይህን የበቅሎ ነገር ሰምታ ዝም ብላ ቆየችና «አባቷ ሰማት?» አለችኝ።